ባለጥለት ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ቀለም ሳይለቅ እንዴት ይታጠባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነጭ የጥጥ ቀሚስ ላይ ባለቀለም ጥለት ወይም ጥልፍ ሲኖር ከማጠቢያው ሳፋ እስከ ካውያ ድረስ የሚነሡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው።

ቀሚሴ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ሳላጥበው ማወቅ እችላለሁ?

ይችላሉ። ለማጠቢያ ያሰቡትን ሳሙና ጥቂት ጠብታ በግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጡ። ቁራጭ ነጭ ጥጥ ነክረው ጨመቅ ያድርጉትና ከጥለቱ ጀርባ፣ ጠርዙ በታጠፈበት በማይታይ ቦታ ላይ ለ2 ደቂቃ በጣትዎ ይጫኑት። ጥጡ ነጭ ሆኖ ከተነሣ ጥሩ ምልክት ነው። የረጠበውን ቦታ ግን እዚያው ሳይነኩት እስኪደርቅ ይተዉት፤ ሲደርቅ በጥለቱ ዙሪያ ነጩ ላይ ቀጭን የቀለም መስመር ከታየ፣ በጥጡ ሙከራ ያልታየው ቀለም በመድረቅ ላይ እያለ ይዛመታል ማለት ነው።

ሙከራውን ለእያንዳንዱ ቀለም ለየብቻ ያድርጉት። በአንድ ጥለት ውስጥ ያሉት ክሮች ብዙ ጊዜ በአንድ ቦታ የተነከሩ አይደሉም፤ አረንጓዴው ምንም ሳይል ቀዩ ሊያፈስ ይችላል። በይበልጥ የሚጠረጠሩት ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ ደማቅ ሰማያዊና ጥቁር ናቸው። ደማቅና ጥልቅ ቀለም ብዙ ማቅለሚያ ይፈልጋል፤ ክሩ ሳይዘው ላዩ ላይ የቀረው ትርፍ ደግሞ ውሃ ሲያገኝ ይወጣል።

ለመሆኑ ቀለሙ ነጩ ላይ የሚወጣው መቼ ነው? ሳጥብ ደህና ነበር፤ ሲደርቅ ግን ሮዝ ሆኖ አገኘሁት።

የብዙ ሰው ቅሬታ ይኸው ነው፤ ሳሙናው ሲወቀስም ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የእሱ አይደለም። ቀሚሱ በብዙ ውሃ ውስጥ ሲንቀሳቀስ የወጣው ቀለም በውሃው ውስጥ ስለሚበተን ነጩ ላይ ለመቀመጥ ፋታ አያገኝም። ቀሚሱ ተጨምቆና ተጠቅልሎ ሳፋ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። ውሃው ትንሽ ስለሆነ ቀለሙ ይወፍራል፤ ጥለቱ ነጩ ላይ ተለጥፏል፤ ጥጡም እንደ ፋኖስ ክር እርጥበቱን ወደ ራሱ ይስባል። የስልክ ጥሪ አንሥተው ሩብ ሰዓት ሲያወሩ ሥራው አለቀ።

ሲሰጣም እንዲሁ ነው። ነጩ ጥጥ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ጥልፉ ግን ክሩ የተደራረበ ነው፤ ከጀርባውም እንዳይሸበሸብ ጠንካራ ጨርቅ የተሰፋበት ብዙ አለ። እርጥቡ ጥልፍ ውሃውን ከነቀለሙ ወደ ደረቁ ነጭ እየገፋ ይሰነብታል፤ ውሃው ሲተን ቀለሙ ጥልፉ ዳር ላይ እንደ መስመር ይቀራል። ስለዚህ ከሁሉም በላይ የሚጠበቀው ነገር ጊዜ ነው። ቀሚሱ ውሃ ከነካበት ደቂቃ ጀምሮ እስኪሰጣ ድረስ ከ15 ደቂቃ ባያልፍ ይመረጣል፤ ከተሰጣ በኋላም ጥልፉ ቶሎ የሚደርቅበትን መንገድ መፈለግ ነው።

ታዲያ በእጅ ሲታጠብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት ነው?

አንድ ቀሚስ ይዘን እንሂድ፦ ረጅም፣ በእጅ የተሸመነ ነጭ፣ ከአንገት እስከ ጉልበት የወረደ ቀይና አረንጓዴ ጥልፍ ያለው፣ እጅጌውና የታች ጠርዙ ባለጥለት፣ ጥልፉ መካከል ወርቃማ ክር የገባበት። በሙከራው አረንጓዴው ንጹሕ ነው፤ ቀዩ ጥጡን ትንሽ ሮዝ አድርጎታል። ይህ ቀሚስ በጥንቃቄ ሊታጠብ የሚችል ነው።

ውሃ ሳይነካው በፊት ሁሉን ያዘጋጁ። ሁለት ሰፋፊ ሳፋዎች በየአንዳንዳቸው 15 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለተጨማሪ ማለቅለቂያ የተቀዳ ሁለት ባልዲ፣ ሁለት ነጭ ፎጣዎችና የሚሰጣበት ቦታ። የቧንቧ ውሃ ቢቆራረጥ ቀሚሱ መሐል ላይ እንዳይቀር ውሃው አስቀድሞ መቀዳቱ ግዴታ ነው። መቀነቱንና ነጠላውን ለዩአቸው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይታጠባል። ጠርዙ ላይ ጭቃ ካለ ከደረቀ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት፤ በእርጥቡ ከታሸ ወደ ክሩ ውስጥ ይገባል።

በመጀመሪያው ሳፋ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበጥብጡና ቀሚሱን ገልብጠው፣ ውስጡ ወደ ውጭ ሆኖ ይክተቱት። እየተጫኑ እየለቀቁ፣ ሳያቋርጡ ለ3 ደቂቃ ያህል ያንቀሳቅሱት። መዘፍዘፍ የለም። አንገቱንና ብብቱን ብቻ በመዳፍ ቀስ ብለው ያሹ፤ ጥልፉን አይፈትጉት። ከአንጸባራቂዎቹ የጥልፍ ክሮች ብዙዎቹ ሬዮን ናቸው፤ ሬዮን ሲረጥብ ከጥንካሬው ብዙውን ስለሚያጣ መፈተግ ያጠጉረዋል፣ ውበቱንም ያጠፋዋል።

አሁን ሳይጨምቁት በሁለት እጅ አቅፈው አንሥተው ወደ ሁለተኛው ሳፋ ያዛውሩት። አንድ ደቂቃ አለቅልቀው ውሃውን ይድፉ፣ በሌላ ንጹሕ ውሃ ይድገሙ። በቃ የሚባለውን በግምት ከመወሰን የመጨረሻውን ውሃ በነጭ ሳህን ቀድቶ ማየት ይሻላል፤ አረፋም ቀለምም ከሌለው ጨርሰዋል። በአራተኛው ውሃም ሮዝ ከታየ ግን ማለቅለቁን አይቀጥሉ። ትርፍ ማቅለሚያው ብዙ ነው ማለት ስለሆነ በአንድ ቀን አያልቅም፤ በፍጥነት ወደ ማድረቅ ይለፉ።

ቀሚሱን ጠረጴዛ ላይ በተነጠፈ ፎጣ ላይ ይዘርጉት፤ ሌላውን ፎጣ በሆዱ በኩል በፊትና በኋላው መካከል ያስገቡ። ከነፎጣው ጠቅልለው በእጅ ይጫኑትና ወዲያው ይፍቱት። ጠምዝዞ መጭመቅ የእጅ ሽመናን ድርና ማግ ያዛባል፤ ከዚያ በኋላ በካውያም አይስተካከልም።

የት እና እንዴት ላስጣው?

ነፋስ ባለበት ጥላ። ፀሐይ ነጩን ያነጣል፣ ጥለቱንም አብሮ ያነጣል፤ ለአንዱ ተብሎ ሌላው ይጎዳል። የግድ ፀሐይ ላይ ከሆነ ተገልብጦ ይሰጣ፤ እንደደረቀ ወዲያው ይነሣ።

የውሃውን መውረጃ አስቡ። የታች ጠርዙ ባለጥለት ከሆነ ጥለቱ ወደ ታች መሆን አለበት፤ ውሃው ከነጩ ወደ ጥለቱ ወርዶ መሬት ይንጠባጠባል። ተዘቅዝቆ ቢሰጣ ከጥለቱ የወጣው ውሃ በነጩ ላይ ይወርዳል። አንገቱ ላይ ያለው ጥልፍ ግን በየትኛውም አቅጣጫ ከላይ ወይም ከመሐል ስለሚሆን ደረቅ ነጭ ፎጣ በውስጥ በኩል ይግባለት፤ ያለዚያ የፊቱ ጥልፍ የጀርባውን ነጭ ይነካና እዚያ ማኅተሙን ያሳርፋል። ፎጣው እርጥበት ሲይዝ በሌላ ይቀይሩት። በአንድ ቀጭን መስቀያ ትከሻው ላይ መስቀልም ጥሩ አይደለም፤ የውሃው ክብደት ትከሻውን ይጎትተዋል። በሁለቱ እጅጌዎች ውስጥ የሚያልፍ ንጹሕ እንጨት ክብደቱን ያካፍላል።

በክረምት ወራት የሚታጠብ ከሆነ ዝናብ የሌለበትን ጠዋት ይምረጡ። ማታ ታጥቦ ቤት ውስጥ ያደረ ባለጥልፍ ቀሚስ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ነው፤ ከላይ የተባለው ሁሉ እዚያ ይደርስበታል። ማራገቢያ ካለ ጥልፉ ላይ አነጣጥሩት።

በየትኛው ሳሙና ልጠብ? ኦሞ ይሆናል?

ዱቄት ሳሙና ሁሉ በተለምዶ ኦሞ ይባላል፤ ለነጭ ልብስ ታስቦ ስለሚሠራም ነው ችግሩ። አብዛኛው ዱቄት ሳሙና ቅባት እንዲያነሣ አልካሊ ይበዛበታል፤ ያ ደግሞ ያልያዘውን ማቅለሚያ ከጥጥ ላይ ለማስለቀቅ ይረዳል። በደንብ ያልሟሟ ቅንጣት ጥልፉ ላይ ሲያርፍ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ያነጣዋል። በዚያ ላይ ልብስ ነጭ የሚያስመስል ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ነገር ይጨመርበታል፤ በእጅ የተፈተለ ጥጥ የተፈጥሮ መልኩ ክሬም ስለሆነ ተደጋግሞ ሲታጠብ ያ መልኩ ይጠፋል። ለባለቀለም ወይም ለስስ ልብስ የተሠራ ፈሳሽ ሳሙና ይሻላል። እሱ ከጠፋ ለስላሳ የፀጉር ሻምፖ በዚያው መጠን፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ይሠራል።

እንዶድን የሚጠይቁ አሉ። ሸማ ለዘመናት የታጠበው በእሱ ነው፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የሚባል ነገር በውሃ አረፋ ይሰጣል። (ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ነው እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ለማጥፋት እንዲመረመር ያደረገው።) ቀሚስ ላይ ግን ደቅቆ የተጣራው ውሃ ብቻ ይግባ፤ የፍሬው ስባሪ ሽመናው ውስጥ ሲቀር ነጠብጣብ ይተዋል። የመጨረሻው የእንዶድ ውሃም ጅረት ውስጥ አይደፋ፤ ለዓሣም መርዝ ነው።

ነጩ ቢጫ ሆኗል። በረኪና በነጩ ላይ ብቻ ባደርግስ?

አይሆንም፤ በነጩ ላይ ብቻ የሚባል ነገር የለም። የረጠበ ጥጥ በረኪናውን እየሳበ ጥለቱ ድረስ ያደርሰዋል፤ በረኪና የበላውን ቀለም የሚመልስ ደግሞ የለም። ጥጡም ራሱ ይሳሳል፤ በእጅ የተፈተለ ማግ በረኪና ሲደጋገምበት መቀደድ ይጀምራል።

ቢጫው ብዙውን ጊዜ ያልወጣ ላብና ያልተለቀለቀ ሳሙና ነው፤ ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ማጠብና ሁለት ተጨማሪ ማለቅለቅ አብዛኛውን ያነሣዋል።

ጨው ወይም ኮምጣጤ ቀለሙን ያጸናል ይባላል። እውነት ነው?

በየቤቱ የሚነገር ምክር ነው፤ ግን ቀለም አያጸናም። ጨው ጥጥ በሚነከርበት ጊዜ ማቅለሚያውን ከውሃው ወደ ክሩ ለመግፋት ያገለግላል፤ ምክሩም ከዚያ የመጣ ይመስላል። የተነከረውን ክር ጨዋማ ውሃ ውስጥ ቢከቱት መልቀቁ ለጊዜው ይዘገያል፤ ንጹሕ ውሃ ሲያገኝ ግን ይቀጥላል። ኮምጣጤም የሚረዳው የሱፍና የሐር ማቅለሚያን ነው፤ ጥጥ ላይ ያን ሥራ አይሠራም።

ቢሆንም ኮምጣጤ አንድ ጥቅም አለው። በመጨረሻው 10 ሊትር ማለቅለቂያ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነጭ ኮምጣጤ የሳሙናውን ቅሪት ያስለቅቃል። ወርቃማ ክሩ ሊጠቁር ስለሚችል ቀሚሱን አይዘፍዝፉበት። ከበረኪና ጋር ደግሞ በፍጹም አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ማስገባት ይቻላል?

በእጅ የተሸመነና ጥልፍ የበዛበት ከሆነ አይመከርም። ጥለቱ ምንም ቀለም እንደማይለቅ በሙከራ ከተረጋገጠ፣ ተገልብጦ በመረብ ከረጢት፣ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳው ዙር፣ በትንሹ የመጭመቂያ ፍጥነት ይቻላል። ማሽኑ ሲጨርስ ግን እዚያው መሆን አለብዎት። ውስጥ ተኮማትሮ የሚቆይባት ግማሽ ሰዓት ከመዞሩ ሁሉ የከፋች ናት።

ወጥ ፈሶበታል፤ ጥልፉ አጠገብ ነው። ምን ላድርግ?

ውሃ አይቅደም። የበርበሬው ቀለም ያለው ዘይቱ ውስጥ ስለሆነ ውሃ ያሰፋዋል እንጂ አያነሣውም። ወፍራሙን በማንኪያ ጠርዝ አንሥተው ከስር ነጭ ወረቀት ወይም ጨርቅ ያድርጉ፤ ከላይ አንድ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በደረቁ ያሳርፉና ከዳር ወደ መሐል በጣት ይምቱት። 5 ደቂቃ ቆይተው ቦታውን ብቻ በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ከጥልፉ በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲፈስ አድርገው ያለቅልቁ። ብርቱካናማ ጥላ ከቀረ አይደናገጡ፤ ጥልፉን በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው ያን ቦታ ብቻ ለጥቂት ሰዓት ፀሐይ ቢያሳዩት ይደበዝዛል።

አልጫ ከሆነ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ፦ እርድ ሳሙና ሲነካው ወደ ቀይ ይለወጣል። ጥልፉ ቀለም የለቀቀ መስሏቸው ቀሚሱን ሙሉውን የዘፈዘፉ አሉ፤ እውነተኛው ጉዳት የሚደርሰውም ያኔ ነው። ሳሙናው ሲለቀለቅ ወደ ቢጫው ይመለሳል፤ ቢጫውን ፀሐይ ከበርበሬውም በላይ በፍጥነት ያጠፋዋል።

ስተኩሰው ጥለቱ ይኮማተራል፤ አንዳንዴም ነጩ ላይ ቀለም ይወጣል።

መኮማተሩ የመጣው ጥጡና የጥለቱ ክር እኩል ስለማያጥሩ ነው። ሙቅ ውሃ ልዩነቱን ያሰፋዋል፤ በቀዝቃዛ የታጠበ ብዙም አይኮማተርም። ወፍራም ፎጣ ዘርግተው ቀሚሱን በግልባጩ ያስቀምጡ፤ ጥልፉ ወደ ፎጣው ይሰምጥና ሳይደፈጠጥ ይተኮሳል። ነጩ ትንሽ እርጥበት ቢኖረው ይመረጣል። ጥለቱ ግን ጭልጥ ብሎ የደረቀ መሆን አለበት፤ እርጥብ ጥለት ላይ ያረፈ ካውያ እንፋሎቱን ከነቀለሙ ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ሙቀቱም ቀለሙን ነጩ ላይ ያጣብቀዋል። የእንፋሎቱ ቁልፍ ጥለቱ አካባቢ ይዘጋ። ወርቃማና ብርማ ክር ብዙ ጊዜ የፕላስቲክ ሪባን ነው፤ ለጥጥ በሚሆን ሙቀት ይቀልጣል። ካውያውን መካከለኛው ላይ አድርገው ቀጭን ደረቅ ጨርቅ ጣል አድርገው ይተኩሱት።

ላውንደሪ ብሰጠውስ?

መጀመሪያ በውሃ ነው ወይስ በደረቅ እጥበት እንደሚያጥቡት ይጠይቁ። ደረቅ እጥበት ላይ ውሃ ስለሌለ አብዛኛው የጥጥ ማቅለሚያ አይነቃነቅም፤ በሙከራው ቀለሙን በብዛት ያፈሰሰ ቀሚስ መሄድ ያለበት እዚያ ነው። ዘይት ያነሣል፤ ላብን ግን ጥሎት ሊመለስ ይችላል። ዶቃና የተለጠፈ ጌጥ ካለ ማጣበቂያው ሊሟሟ ስለሚችል ቀድመው ይንገሯቸው።

ቀለሙ ነጩ ላይ ወጥቷል። ማዳን ይቻላል?

ቀሚሱ ገና እርጥብ ከሆነ ዕድሉ ጥሩ ነው። አያድርቁት፣ ካውያ አያስነኩት። ወዲያው ሰፊ ሳፋ ውስጥ በ15 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይክተቱትና ሳያቋርጡ ያንቀሳቅሱት። ውሃው ቀለም ሲይዝ ይድፉ፣ አዲስ ይሥሩ፤ እስኪነጻ ድረስ በየ5 ደቂቃው ይቀይሩ። ብዙ ጊዜ አራት አምስት ውሃ ይፈጃል። መርሁ ቀላል ነው፦ ማቅለሚያው ነጩን ገና አልያዘም፤ ብዙ ውሃ ካገኘ ወደ ውሃው ይመለሳል።

ደርቆ ከሆነና እድፉ ትንሽ ከሆነ፣ በመድኃኒት ቤት የሚሸጠውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጫፍ ነክተው ነጠብጣቡ ላይ ብቻ ያሳርፉ፤ ከጥልፉ ቢያንስ ሁለት ጣት ይራቁ። 10 ደቂቃ ቆይተው በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ያንሡት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ይቻላል። ቀለም ማስለቀቂያ ተብሎ የሚሸጥ ዱቄት ውስጥ ግን ቀሚሱን አይክተቱት፤ የፈሰሰውንና የጥልፉን ቀለም ለይቶ አያውቅም።

እድፉ ጥልፉን ዙሪያውን ተከትሎ ከወጣና ጥልፉ በተለየ ጨርቅ ላይ ተሠርቶ የተሰፋ ከሆነ፣ ልብስ ሰፊ ስፌቱን ፈትቶ ጥልፉን ያነሣዋል። ነጩ ለብቻው፣ ያለ ስጋት በለብ ያለ ውሃ ይታጠባል፤ ጥልፉም ለብቻው ቀለሙ እስኪያልቅ ድረስ በበርካታ ቀናት ይለቀለቃል፤ ከዚያ ተመልሶ ይሰፋል። ሽመናው ውስጥ የገባ ጥለት ግን እንዲህ አይፈታም። እዚያ ላይ ያለው አማራጭ ሸማኔው ራሱ ጠርዙን ቆርጦ በአዲስ ጥለት እንዲተካው ማድረግ ነው፤ ቀሚሱ አንድ ስንዝር ያህል ርዝመት ካተረፈ።